ካርታው ሲያድግ ስኬሉ ባለበት ቀረ፦ ለሎው ቪዥንና ለዲስሌክሲያ ተማሪ ፈተና ስናመቻች የሚለካው ነገር እንዳይቀየር

ካርታ_ወዳድ · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። ጂማ ከተማ ውስጥ 11ኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ፋይናል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከዚያ በፊት መስመር ማስያዝ ያለብኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

ክፍሌ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ። አንዷ ሎው ቪዥን ናት። መነጽር አድርጋም ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ነው የምታነበው። ሁለተኛው በቃል ሲጠየቅ ክፍሉን የሚመራ፣ ወረቀት ሲሰጠው ግን የሚጠፋ ልጅ ነው። ዲስሌክሲያ ነው ብሎ የጻፈለት ሰው የለም፤ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ፣ ስንፍና አይደለም።

በሚድ ጊዜ ለልጅቷ ፈተናውን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ከኤ4 ወደ ኤ3 አሳደግኩላት። አንዱ ጥያቄ የካርታ ነበር። ስኬሉ 1:50,000 ነው፤ ከድልድዩ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክታችሁ በኪሎ ሜትር አስሉ ይላል። በሌሎቹ ወረቀት ላይ ርቀቱ 6 ሴንቲ ሜትር ነው፣ መልሱም 3 ኪሎ ሜትር። እሷ 4.25 ብላ ጻፈች። ኤክስ አድርጌ አራቱንም ማርክ ያዝኩባት።

ወረቀት ስመልስ አልተከራከረችኝም። «ቲቸር፣ እኔ ግን ስምንት ተኩል ነው ያገኘሁት» ብቻ አለች። ማታ ቤት ገብቼ የእሷን ወረቀት ራሴ ለካሁት፤ እውነትም 8.5 ነው። 8.5ን በ50,000 ስታባዙት 4.25 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ልጅቷ አልተሳሳተችም። ካርታው አድጓል፣ ከሥሩ የተጻፈው ስኬል ግን ባለበት ቀርቷል። ማርኩን መለስኩላት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። እሷ ዝም ብትል ኖሮ ግን አላውቅም ነበር፤ ያ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አሁን ባልደረቦቼ «የካርታውን ጥያቄ ዝለይላት፣ በሌላ ቀላል ጥያቄ ተኪላት» ይሉኛል። ለልጁ ደግሞ «በቃል አብራርተሽ ጠይቂው» ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱም እንደ ሌላው ተማሪ ጂኦግራፊ እንዲፈተኑ ነው የምፈልገው። የሠራ ሰው ካለ ይንገረኝ።

---

ፊደል18 · ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ጥያቄውን አትዝለይላት። ከዘለልሽው የልጅቷ ውጤት ስለ ካርታ ንባብ ምንም አይናገርም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ደግሞ ማንም አይዘልላትም።

እኔ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን በእርሳስ አንድ ነገር እጽፋለሁ፦ «ይህን ጥያቄ የሚመልስ ልጅ ምን ተማረ ማለት ነው?» በአንቺ ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው። ርቀት መለካት፣ በስኬል አባዝቶ ወደ ኪሎ ሜትር መቀየር። የዓይን ጥንካሬ በትምህርቱ ዓላማ ውስጥ የለም። ስለዚህ ዓይኗን የሚያግዘውን ሁሉ መለወጥ ትችያለሽ፤ መለካቱንና ስሌቱን ግን አትነኪም።

አሁን ወደ ስኬሉ። ከኤ4 ወደ ኤ3 ሲሄድ ማሽኑ 141 በመቶ ነው የሚያሳድገው። 6 ሴንቲ ሜትር 8.5 የሆነው ለዚህ ነው፤ የካርታው እውነተኛ ስኬልም ወደ 1:35,400 ገደማ ተቀይሯል። «እንግዲያው 1:35,400 ብዬ እጽፍላታለሁ» ልትዪ ትችያለሽ። ልክ ነው፣ ግን ሌላው ልጅ በ50,000 ሲያባዛ እሷ በ35,400 ታባዛለች። ዓይኗን ረድተሽ ስሌቷን አከበድሽባት ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው አንድ ዓይነት አይደለም።

የሚሻለው በትክክል 200 በመቶ ማሳደግ ነው። ያኔ ስኬሉ 1:25,000 ይሆናል። 6 ሴንቲ ሜትር 12 ይሆናል፣ 12 በ25,000 ደግሞ ያው 3 ኪሎ ሜትር። ቁጥሩም እንደ ሌሎቹ የተጠጋጋ ነው። እጥፍ ሲሆን ወረቀት እንዳይበቃ ካርታውን አስቀድመሽ ለጥያቄው ወደሚያስፈልገው ክፍል ቁረጪው። 9 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ 18 በ26 ይሆናል፤ ኤ4 ላይ ይገባል። የተቆረጠውን ክፍል ለሁሉም ተማሪ ስጪ፣ ለእሷ ብቻ አይሁን። አለበለዚያ ሌሎቹ ድልድዩን ከሰፊ ካርታ ውስጥ ሲፈልጉ እሷ ፊት ለፊቷ ታገኘዋለች።

አራሚውም ይጠንቀቅ። «ከ5.8 እስከ 6.2 ሴንቲ ሜትር ትክክል» ተብሎ ከተጻፈ የእሷ 12 ውድቅ ነው። የሚፈቀደውን ልዩነት በኪሎ ሜትር ጻፊው፦ ከ2.9 እስከ 3.1። ያኔ ለሁለቱም ወረቀት ይሠራል።

---

ኅትመት_ፈረንጅ_አራዳ · ማክሰኞ ማታ

ቲቸር፣ እኔ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የኅትመትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ነው የምሠራው፣ ብዙ ፈተና በእጄ ያልፋል። አንድ ነገር ልጨምር። ካርታው ከፒዲኤፍ የሚታተም ከሆነ ማተሚያው ላይ Fit የሚለው ተመርጦ ካለ ወረቀቱ ውስጥ እንዲገባ ትንሽ ያሳንሰዋል። ያኔ የልጅቷ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ተማሪ ስኬል ተበላሽቷል። Actual size የሚለውን ነው መምረጥ። ፎቶ ኮፒ ላይ ደግሞ አውቶ የሚለውን አጥፍተህ 200 ብለህ በቁጥር ማስገባት አለብህ።

መተማመኛው ቀላል ነው። ዋናው ወረቀት ጥግ ላይ በትክክል 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር አስምሩ። ያደገው ወረቀት ላይ 20 ካልሆነ አትቀበሉን፣ መልሱልን።

ለዲስሌክሲያው ልጅ ደግሞ ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ፎንት አለ፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ከላዩ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ ታስቀምጡለታላችሁ። በቃ፣ ችግሩ ይፈታል። ጥያቄውን ደግሞ በግማሽ ቀንሱለት፣ ከ40 ወደ 20።

---

ፊደል18 · ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ፣ የ10 ሴንቲ ሜትሯን መስመር ከዛሬ ጀምሮ እኔም እጠቀምባታለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ፎንቱ ግን ግማሹ ነው ልክ።

ለዲስሌክሲያ ተብለው የተሠሩት ፎንቶች ሲፈተሹ፣ ልጆቹን ሲያግዝ የተገኘው በአብዛኛው የፊደሉ ቅርጽ ሳይሆን በፊደላቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ጣሊያንና ፈረንሳይ ውስጥ ዲስሌክሲያ ባላቸው ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ክፍተቱን ብቻ አስፍቶ ልጆቹ በፍጥነትም በትክክለኛነትም የተሻለ እንዳነበቡ አሳይቷል። ስለዚህ የተለመደ ፎንት ይዛችሁ በ14 መጠን፣ መስመሩን አንድ ተኩል አራርቃችሁ፣ የፊደሉንም ክፍተት ትንሽ ከፍታችሁ፣ ቀኝ ጠርዙን ሳታስተካክሉ አትሙ። በሁለቱም ጠርዝ እኩል ሲደረግ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ይዘበራረቃል፤ ልጁ መስመር የሚስተው እዚያ ላይ ነው። ቢጫውን ፕላስቲክ የወደደ ይጠቀም፣ ጉዳት የለውም፤ ግን ማንበብን ያቃናል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ወላጅ ገንዘብ እንዲያወጣበት አልመክርም።

ጥያቄ በግማሽ መቀነስን ግን በፍጹም አልቀበልም። 40ው ጥያቄ ስድስት ምዕራፍ ይሸፍናል። 20 ስታደርገው የትኛውን ምዕራፍ ነው የምትተወው? ደግሞ ከ40 አንድ ጥያቄ በግምት ማግኘትና ከ20 አንድ ማግኘት እኩል አይደለም። አማራጭ ከአራት ወደ ሦስት መቀነስም እንደዚያው ነው። ለሁሉም ተማሪ ከተደረገ ችግር የለውም፤ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ግን ዝም ብሎ የሚገምተው ከ25 በመቶ ወደ 33 በመቶ ዕድል ይወጣል። ልጁን የረዳነው ይመስለናል፣ ውጤቱን ግን ከጓደኞቹ ጋር የማይነጻጸር አደረግንበት።

---

ኡሙ_ነቢል · ረቡዕ ጠዋት

አሰላሙ ዓለይኩም። ከአጋሮ ነው የምጽፈው። የኔ ልጅ አራተኛ ክፍል ነው። «ቢ»ን «ቤ» ይለዋል፣ «ሊ»ን «ሌ»። በኦሮምኛው ቁቤም ላይ የሚደጋገሙትን ፊደላት ይዘላል፤ አስተማሪው ለስላሳ ለማለት «laafaa» ብሎ ያጻፈውን እሱ ሲያነበው «lafa»፣ መሬት ይሆናል። መነጽር ላድርግለት ወይ? ቲቸር ያሉት የካርታ ነገር ለሱም ይሆናል?

---

ፊደል18 · ረቡዕ ጠዋት

ወዓለይኩም ሰላም፣ እናቴ። የእርስዎ ጥያቄ ከዚህኛው ይለያል፤ ግን አንገብጋቢ ስለሆነ ልመልስ። በመጀመሪያ ዓይኑን ያስመርምሩት። ጂማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለ። «ቢ»ና «ቤ» የሚለዩት እግራቸው ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ስለሆነ ዓይኑ የደከመ ልጅም ያምታታቸዋል። ዓይኑ ደህና ከሆነ መነጽር አያስፈልገውም፤ ዲስሌክሲያ በመነጽር አይስተካከልም። ዓይኑ ደህና ሆኖ በቁቤ ድምፅ የሚረዝምበትንና የሚጠብቅበትን፣ በአማርኛም «ቢ»ና «ቤ»ን መለየት የሚያስቸግረው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዓይን ይልቅ ድምፅን ከፊደል ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ ቤት ውስጥ የምትሠሩትን ልምምድ እነግርዎታለሁ።

---

ስሌት_ነው · ረቡዕ ከሰዓት

የሒሳብ መምህር ነኝ። ማንንም ለማስቀየም አይደለም፣ ግን ሌሎቹስ ልጆች? ለአንዱ ተጨማሪ ሰዓት ከተሰጠ ሌላውም እኮ ሰዓት ቢጨመርለት ውጤቱ ይሻሻላል። በእኔ ክፍል ሁሌም የሚያልቅባቸው አሉ። 70 ተማሪ ባለበት ክፍል «ለእሱ ለምን?» ሲሉኝ ምን ልመልስ? ደግሞ ዲስሌክሲያ የሚል ወረቀት እንኳ የለውም ብላችኋል። ነገ አምስት ልጅ «እኔም» ብሎ ቢመጣስ?

---

የፊት_ወንበር · ረቡዕ ማታ

ሰላም። እኔ ሎው ቪዥን ነኝ፣ ጂማ ነው የተማርኩት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ለመምህር ስሌት የራሴን ልንገራቸው።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በአንድ የባዮሎጂ የምርጫ ፈተና ከ40 አሥራ አንድ አገኘሁ። መልሱን በደንብ አውቀው ነበር። የመልስ ወረቀቱ ላይ 17ኛውን ሳላጠቁር ዘልዬ የ18ን መልስ 17 ላይ አጠቆርኩ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው አንድ አንድ እየቀደምኩ ሄድኩ። የክበቦቹ ረድፍ ለእኔ አንድ ግራጫ ሰሌዳ ነው። መምህሬ ከ17 ጀምሮ ያለውን መልሴን አንድ ረድፍ ወደ ታች አውርደው ሲያርሙት 31 ሆነ። ያን ቀን የተለካው የእኔ ባዮሎጂ አልነበረም፣ ረድፍ መቁጠር ነበር።

ስለዚህ ቲቸር ካርታ ወዳድ፣ ተማሪሽ መልሱን በቀጥታ የጥያቄ ወረቀቱ ላይ ታክብብ። ወደ መልስ ወረቀቱ ሌላ ሰው ይገልብጥ፣ ሁለተኛ ሰው አብሮ ያረጋግጥ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። የጥያቄ ወረቀቱም አብሮ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ኤ3 ወረቀት ለእኛ ድካም ነው። ፊቴን 10 ሴንቲ ሜትር አስጠግቼ ሳነብ የወረቀቱ ግማሽ ከዴስኩ ወጥቶ ይታጠፋል። ፎቶ ኮፒው ደግሞ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል፤ ያደገ ግራጫ ፊደል ከትንሽ ጥቁር ፊደል አይሻለኝም። ጽሑፉ ከኮምፒውተር በትልቅ ፊደል እንደገና ኤ4 ላይ ይታተም።

ሦስተኛ፣ «ሎው ቪዥን ስለሆነች መስኮት ጋ አስቀምጧት» የሚለውን አትመኑ። ለእኔ ጥሩ ነው። አልቢኒዝም ያለበት ጓደኛዬ ግን መስኮት ጋ ሲቀመጥ ዓይኑን መግለጥ አይችልም ነበር። ጠይቋት።

---

ፊደል18 · ረቡዕ ማታ

የፊት ወንበር፣ ይህን እኔ ብጽፈው እንዲህ አይገባም ነበር።

የፊደሉን መጠን በግምት አትወስኑት። ሌሎችም እንዲጠቅማቸው እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ። እኩል ርዝመትና እኩል ክብደት ያላቸው አምስት አንቀጾች አዘጋጃለሁ፤ በ12፣ በ16፣ በ20፣ በ24 እና በ32 መጠን አትማቸዋለሁ። ልጁ እያንዳንዱን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ፣ በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ እጽፋለሁ። ፍጥነቱ ከ12 ወደ 16፣ ከ16 ወደ 20 እየጨመረ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የቆመበት የመጀመሪያው መጠን የልጁ መጠን ነው። ከዚያ በላይ ማሳደግ አንዳንዴ ያዘገየዋል፤ መስመሩ በአራት ቃል ያልቅና ዓይን ሲመላለስ ይውላል። የእይታ ስፋታቸው የጠበበ፣ በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው የሚያዩ ልጆች ደግሞ ጭራሽ ትልቅ ፊደል ይጎዳቸዋል። «ሎው ቪዥን ከሆነ 24 አድርግለት» የሚል ሰው ስንቱን ልጅ ሳያውቅ አዘገየ!

መምህር ስሌት፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ሰዓት ሲጨመር ሁሉም ልጅ እኩል የሚሻሻል ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ፈተናው ላይ ነው፤ ለተሰጠው ሰዓት በዝቷል። ያኔ ለሁሉም አስተካክል። ሰዓት ሲጨመር ያ አንድ ልጅ ብቻ ጎልቶ ከተሻሻለና ሌሎቹ ባሉበት ከቆዩ ግን፣ ሰዓቱ የሰጠው ዕውቀት የለም፣ የነበረውን ነው ያወጣው። ወረቀት የለውም ላልከውም ይኸው ፍተሻ ያገለግልሃል፤ አምስት ልጅ ቢመጣ አምስቱንም ፈትሻቸው።

የሰዓቱንም መጠን አስሉት እንጂ ከአየር አትውሰዱት። የካርታ ወዳድ ፈተና 1,500 ቃል ያህል አለው እንበል። የክፍሉ ልጆች እንግሊዝኛውን በደቂቃ 100 ቃል ያነባሉ፣ ልጅቷ በሚመቻት መጠን 60። አንድ ጊዜ ለማንበብ እነሱ 15 ደቂቃ፣ እሷ 25 ደቂቃ ይፈጅባታል። ጥያቄ ሁለቴ ስለሚነበብ ልዩነቱ 20 ደቂቃ ነው። ፈተናው 80 ደቂቃ ከሆነ ሩቡን ጨመርሽላት ማለት ነው። ልጁ በደቂቃ 40 ቃል የሚያነብ ከሆነ ግን ልዩነቱ 45 ደቂቃ ይደርሳል። ያን ያህል ሰዓት ወረቀት ላይ አፍጥጦ የተቀመጠ ልጅ በመጨረሻው ምንም አይቀረውም። ለእሱ ከሰዓት ይልቅ አንባቢ ይሻለዋል።

---

ካርታ_ወዳድ · ዓርብ ማታ

ጋሼ ፊደል፣ ፍተሻውን ሞከርኩት። ልጁ በሚድ የሳታቸውን 10 ጥያቄዎች ምንም ሳላብራራ እንዳሉ አነበብኩለት። 6ቱን መለሰ። ደግሜ ስለጠየቅኩት ብቻ እንዳይሆን፣ ማንበብ የማይቸግራቸውን ሌሎች ሁለት ልጆች የሳቱትን 10 10 ጥያቄ እንደዚሁ አነበብኩላቸው። አንዱ 1፣ ሌላዋ 2 ነው ያሻሻሉት።

ከስድስቱ ሦስቱ «የማይሆነው የቱ ነው» የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። ልጁ አሉታውን ቃል ዘሎት ነበር። ተቃራኒውን በትክክል መልሶልኛል!

ልጅቷን ደግሞ በአምስቱ መጠን አስነበብኳት። በ12 መጠን 31 ቃል፣ በ16 47፣ በ20 61፣ በ24 62፣ በ32 ደግሞ ወደ 54 ወረደ። እንግዲህ 20 ነው የሚሆነው። እኔ 28 ላትምላት አስቤ ነበር።

የከፍታ መስመሮቹንስ፣ ኮንቱሩን፣ ምን ላድርገው? በመስመር መካከል 20 ሜትር የከፍታ ልዩነት ያለው ካርታ ነው፣ መስመሮቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ፎቶ ኮፒ ሲሆን ገደላማው ጋ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ።

---

ፊደል18 · ዓርብ ማታ

እሱም በጥያቄው ይወሰናል። «ገደላማው የትኛው ተዳፋት ነው» ከሆነ በየ100 ሜትሩ ያሉትን ወፍራም መስመሮች ብቻ አስቀርተሽ በማርከር አድምቂያቸው፤ ተጠጋግተው ያሉበትንና የተራራቁበትን አሁንም ራሷ ታወዳድራለች። ጥያቄው «የነጥብ ለ ከፍታ ስንት ነው» ከሆነ ግን መካከለኞቹን መስመሮች ማውጣት አይቻልም፤ መልሱን ይዘሽ ሄድሽ። ለዚያ ነጥቡ ያለበትን ትንሽ ቦታ ብቻ ለይተሽ አሳድጊ።

ለልጁ አንባቢ ስታዘጋጂ ደግሞ አንባቢው የጂኦግራፊ መምህር አይሁን። አውቆ ባይሆንም ትክክለኛው አማራጭ ላይ ድምፁ ይቀየራል። እንግሊዝኛ በደንብ የሚያነብ የሌላ ትምህርት መምህር ይሁን፤ ጥያቄውን ከነአራቱ አማራጮች በአንድ ድምፅ ያንብብ፣ ሲጠየቅ ይድገም፣ «ምን ማለት ነው» ሲባል «ማንበብ ብቻ ነው የምችለው» ይበል። ካርታው ላይ የተጻፈውን ስም ያነብለታል፣ መስመሩን ግን አይገልጽለትም። «እዚህ ጋ መስመሮቹ ተጠጋግተዋል» ያለ አንባቢ ጥያቄውን መልሶለታል።

አሉታውን ቃል ደግሞ ለሁሉም ተማሪ አድምቀሽ አትሚው። ያ ማንንም አይጎዳም።

---

ቋንቋ_መምህር · ቅዳሜ ጠዋት

እንግሊዝኛ ነው የማስተምረው። ይኸው ልጅ የእኔም ተማሪ ሊሆን ይችላል ብዬ ነው። ጂኦግራፊው ላይ አንባቢ መስጠቱ ገብቶኛል። እኔ ግን ምንባብ ሰጥቼ አንብቦ መረዳትን ነው የምፈትነው። ካነበብኩለት የሚፈተነው ማዳመጥ ሆነ። ካላነበብኩለት ደግሞ በየዓመቱ ዜሮ እሰጠዋለሁ። ምን ይሻላል?

---

ፊደል18 · ቅዳሜ ጠዋት

ምንባቡን አታንብብለት፣ የእኔ አቋም ይህ ነው። መመሪያውንና ጥያቄዎቹን ማንበብ ትችላለህ፣ ምንባቡን ግን ራሱ ያንብብ፤ ክፍተቱ ሰፍቶ፣ ከሌላው የበለጠ ሰዓት ተሰጥቶት።

---

የፊት_ወንበር · ቅዳሜ ቀን

ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ለዓይነ ስውር ተማሪ ምንባቡ ይነበብለታል እኮ። ለእሱ «ማዳመጥ ሆነብህ» አንለውም። 11ኛ ክፍል ላይ የሚፈለገው ሐሳብ መረዳትና መተርጎም ከሆነ፣ ፊደል መለየቱ አንደኛ ክፍል ላይ ያለቀ ጉዳይ ነው።

---

ፊደል18 · ቅዳሜ ቀን

ዓይነ ስውሩ ብሬል የሚያነብ ከሆነ ምንባቡን በብሬል ነው መስጠት ያለብን፤ የምናነብለት ብሬሉ ስለሌለ ነው። ግን ያልከው ክብደት አለው። የ11ኛ ክፍል ዓላማ «አንብቦ» ሲል በዓይን ወይስ ሐሳቡን ነው የሚለው? የሥርዓተ ትምህርቱ ዓላማ ያንን ለይቶ ካላስቀመጠ የእኔም የአንተም አቋም ይቆማል። መምህሩ ከዲፓርትመንቱ ጋር ተቀምጦ አስቀድሞ ይወስን፣ ውሳኔውንም ይጻፈው። ያልተነበበለትን ውጤትና የተነበበለትን ለየብቻ መመዝገብም አንድ መንገድ ነው።

---

ስሌት_ነው · ቅዳሜ ማታ

ከረቡዕ ጀምሮ ሳስብበት ነበር። በሒሳብም አንባቢ ቢሰጥ «ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት ካሬ» ሲባል ካሬው የሦስቱ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም? ሰምቶ የሚጽፍ ልጅ ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው የሚሠራው። የእኔ ሐሳብ፣ በሒሳብ አንባቢው ቃላቱን ብቻ ያንብብ፣ ቀመሩን በጣት ያመልክተው። የቃላት ፕሮብሌም ወደ ቀመር ተቀይሮ እንዲሰጠው ግን አልስማማም፤ እሱን መቀየር ነው እኮ ያስተማርኩት።

---

ፊደል18 · ቅዳሜ ማታ

ትክክል ነህ፣ በሁለቱም።

---

ካርታ_ወዳድ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ማታ

ፋይናሉ ዛሬ አለቀ፤ ቃል ስለገባሁ የሆነውን ልጻፍ።

ካርታው በ200 በመቶ ታተመ። ኅትመት ፈረንጅ አራዳ ያሉት የ10 ሴንቲ ሜትር መስመር የመጀመሪያው ኮፒ ላይ 19.3 ሆኖ አገኘሁት፣ አስመለስኩት። ሁለተኛው 20 መጣ። ልጅቷ 11.9 ለክታ 2.975 ኪሎ ሜትር ብላ ጻፈች፤ ሙሉ ማርክ። መልሷን ወረቀቱ ላይ አከበበች፣ ሁለት ሰው ገልብጦ ፈረመ። ከ20 ተጨማሪ ደቂቃዎች 12ቱን ብቻ ነው የተጠቀመችው። ያላሰብኩት ነገር የራሷ ማስመሪያ ነበር፤ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፣ የሚሊ ሜትሩ ምልክት አልታይ አላት። በጥቁር እስክሪብቶ በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ አድምቄላት ነው የጀመረችው። ቀጥሎ አስቀድሜ አዘጋጃለሁ።

የልጁ ግን በግማሽ ተበላሸ። አንባቢው ጥሩ ነበር፣ ግን ሰኔ ነው፣ ጂማ ናት፤ ፈተናው በተጀመረ በ25 ደቂቃ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔም አጠገባቸው ሆኜ አልሰማም ነበር። አንባቢው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሁለተኛው ክፍል ድረስ ተሰማ ተባለ፣ ዝቅ ሲያደርግ ልጁ አልሰማም አለ። ዝናቡ እስኪያባራ 18 ደቂቃ ሰዓት አስቆምኩለት፤ ፈታኙ በቃለ ጉባኤ ያዘው። ኮርኒስ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነው ያለን፣ እሱም ቢሮ ነው። ለሚመጣው ዓመት ጠዋት ላይ፣ እዚያ ቢሮ ውስጥ እንዲሆን ርእሰ መምህሩን ጠይቄያለሁ፣ ገና አልመለሱልኝም።

---

የፊት_ወንበር · ሐሙስ ማታ

ቲቸር፣ አንባቢው አስቀድሞ ስልክ ላይ ቀድቶት ልጁ በማዳመጫ ቢሰማውስ? ዝናቡም አያስቸግርም፣ ድምፁም ለሁሉም ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሆናል።

---

ካርታ_ወዳድ · ሐሙስ ማታ

ፈተና ክፍል ውስጥ ስልክ አይገባም፤ እሱን ማስፈቀድ ሌላ ጣጣ ነው። ስልክ ያልሆነ ትንሽ የድምፅ ማጫወቻ ያለው ሰው ካለ ግን ንገሩኝ፤ ጥያቄዎቹን በየቁጥራቸው ለይቼ ራሴ አስቀዳለሁ።